አንድ ጥፋት፣ ሦስት ቅጣት፦ የማረሚያ ሩብሪኬን እንዴት ፈተሽኩት

ነገሩ የጀመረው አንዲት ተማሪ የታረመ ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ ስትመጣ ነው። ከ100 69 አግኝታለች። አልተቆጣችም። ነጥብ የምሰጥበትን የመስፈርት ሰንጠረዥ፣ ሩብሪኩን፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ "መምህር፣ ይቺ አንዲት ስህተት ስንት ቦታ ነው የምታስቀጣኝ?" አለችኝ።

ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙት ለምን እንደሆነ የሚያጠና አጭር ጥናት ነው። 40 መጠይቅ አስሞልታለች። ቤተ መጻሕፍት የሚያዘወትሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አይታ፣ "ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ውጤት ያሻሽላል" ብላ ደመደመች። እዚህ ላይ ተሳስታለች። ጎበዝ ተማሪ ድሮም ቤተ መጻሕፍት ሊያዘወትር ይችላላ! ስህተቱ ግን ይኸው አንዱ ነበር።

ሩብሪኩ አምስት መስፈርት አለው፦ ትንተና 30፣ ማስረጃ 25፣ አደረጃጀት 20፣ ቋንቋ 15፣ የምንጭ አጠቃቀስ 10። ትንተና ላይ "መደምደሚያውን በማስረጃ ያስደግፋል" ይላል፤ 9 ነጥብ ቀንሻለሁ። ማስረጃ ላይ "ማስረጃው መደምደሚያውን ይደግፋል" ይላል፤ 13 ቀንሻለሁ። አደረጃጀት ላይ ደግሞ "ሐሳቦቹ በምክንያት ተያይዘዋል" የሚል አለ፤ እዚያም 6። ድምሩ 28 ነጥብ ነው። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ ሦስት ጊዜ ቀጥቻታለሁ።

በማግስቱ አስራ ሁለት የቆዩ ወረቀቶች አወጣሁ። በእያንዳንዱ ላይ ነጥብ ያስቀነሰውን ቦታ አሰመርኩና ከጎኑ የትኛው መስፈርት እንደቀጣው ጻፍኩ። አንድ መስመር አጠገብ ሁለትና ሦስት የመስፈርት ስም ከተደራረበ መደራረቡ ይታያል። ሁለት መስፈርቶች ሁልጊዜ አብረው ከፍና ዝቅ ማለታቸው ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይደለም። ጎበዝ ተማሪ በሁለቱም ሊጎብዝ ይችላል። ወይም ደግሞ አራሚው በመጀመሪያው መስፈርት የያዘውን ስሜት ይዞ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጨመርኩ፦ በአንዱ ከፍተኛ፣ በሌላው ዝቅተኛ ሊያገኝ የሚችል ወረቀት ማሰብ እችላለሁ? ካልቻልኩ ሁለቱ አንድ መስፈርት ናቸው።

ለትንተናና ለማስረጃ እንዲህ ዓይነት ወረቀት አገኘሁ። ጥሩ መረጃ ሰብስቦ ምንም ሳይተረጉም የሚደረድር ተማሪ አለ። ስለዚህ አላዋሃድኳቸውም፤ ድንበራቸውን አሰመርኩ። ማስረጃ የሚጠይቀው ስለ መረጃው ብቻ ሆነ፦ ከጥያቄው ጋር ይገናኛል? ከማን፣ እንዴት ተሰበሰበ? ትንተና ደግሞ ተማሪው ከዚያ መረጃ ምን እንዳወጣ ይጠይቃል። "በምክንያት ተያይዘዋል" የሚለውን ከአደረጃጀት አወጣሁት። እዚያ የቀረው ቅደም ተከተሉ ነው፦ አንባቢው የት እንደደረሰና ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያውቃል?

ከዚያ የደረጃ መግለጫዎቹን ያዝኩ። አራቱ ደረጃዎች የሚለያዩት በአንድ ቃል ብቻ ነበር፦ "በላቀ ሁኔታ ይተነትናል"፣ "በጥሩ ሁኔታ ይተነትናል"፣ "በበቂ ሁኔታ ይተነትናል"፣ "በደካማ ሁኔታ ይተነትናል"። በመቀስ ቆራርጬ የደረጃውን ስም አወጣሁና ቁርጥራጮቹን ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት። በቅደም ተከተል ደርድራቸው አልኩት። "በበቂ"ን ከ"በጥሩ" በላይ አስቀመጠ። ለምን ስለው፣ "የበቃ ነገር ምን ይጎድለዋል?" አለኝ። እኔ ሦስተኛ ያደረግኩትን እሱ ሁለተኛ አደረገው። ያን ጊዜ ነው ቀደም ሲል እሱና እኔ አንድ ወረቀት ለየብቻ ስናርም 13 ነጥብ የተራራቅንበት ምክንያት የገባኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት መፍትሔ አልሠራም። ቃሉን በቁጥር ተካሁት፤ "ቢያንስ 5 ምንጭ ይጠቅሳል" ብዬ ጻፍኩ። ከአስራ ሁለቱ ወረቀቶች አንዱ አምስት ምንጭ ጠቅሶ አንዱንም አልተጠቀመበትም፤ በአዲሱ መግለጫ ግን ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ቁጥር ለአራሚ ያቀላል፣ ግን ጥራትን አይለካም። ስለዚህ በየደረጃው ወረቀቱ የሚያደርገው ነገር ራሱ እንዲለይ አድርጌ ጻፍኩት። ትንተና ላይ ሦስተኛው ደረጃ "መደምደሚያ አለው፤ መደምደሚያው ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው አልፎ ይሄዳል" ይላል። ሁለተኛው "ማስረጃው የሚያሳየውን በትክክል ይተረጉማል፤ ሌላ ሊኖር የሚችል ትርጉም ግን አያነሳም"። አንደኛው ያንን ሌላ ትርጉም አንስቶ የራሱን ለምን እንደመረጠ ያስረዳል። አራተኛው መረጃውን ይደረድራል እንጂ አይተረጉምም። ባልደረባዬ እነዚህን ቁርጥራጮች ያለ ስህተት ደረደራቸው።

ክብደቱን ግን ጨርሶ አልጠረጠርኩትም ነበር። ትንተና 30፣ የምንጭ አጠቃቀስ 10 ስለሚል ትንተና ሦስት እጥፍ ይመዝናል ብዬ አምን ነበር። ለየደረጃው የተመደበውን ነጥብ ጎን ለጎን ስጽፈው ደነገጥኩ። ትንተና ከላይ ወደ ታች 30፣ 25፣ 21፣ 18 ነው። አጠቃቀስ 10፣ 7፣ 4፣ 0። በትንተና ከአንደኛው ደረጃ እስከ አራተኛው ያለው ርቀት 12 ብቻ ነው፤ በአጠቃቀስ 10። ደካማ ትንተና የጻፈውም 18 ስለሚያገኝ፣ ያ 18 ማንንም ከማንም አይለይም። ተማሪዎችን የሚለያየው ርቀቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱ መስፈርቶች በተግባር በክብደት ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም።

በሁለት ተማሪዎች ሞከርኩት። የመጀመሪያው ትንተናው አንደኛ ደረጃ፣ አጠቃቀሱ መጨረሻ ነው፤ 30 ሲደመር 0፣ 30 አገኘ። ሁለተኛው ትንተናው ሦስተኛ ደረጃ፣ አጠቃቀሱ እንከን የለሽ ነው፤ 21 ሲደመር 10፣ 31። ነጠላ ሰረዙን በቦታው ያስቀመጠው በደንብ ያሰበውን በለጠው። ይህን ሆን ብዬ የምፈልግ አስተማሪ አይደለሁም።

ያስተካከልኩት ለሁሉም መስፈርት አንድ ዓይነት ድርሻ በመስጠት ነው፦ ከሙሉ ነጥቡ 100፣ 80፣ 60 እና 30 በመቶ። ትንተና 30፣ 24፣ 18፣ 9 ሆነ። አጠቃቀስ 10፣ 8፣ 6፣ 3። አሁን የመጀመሪያው ተማሪ 33፣ ሁለተኛው 28 ያገኛሉ። የማለፊያውን ነጥብም አየሁት። በሁሉም ሦስተኛ ደረጃ ያገኘ 60 ይዞ ያልፋል። በሁሉም አራተኛ የሆነ 30 ይዞ ይወድቃል። የሦስተኛው ደረጃ ድርሻ 60 ሳይሆን 45 በመቶ ቢሆን ኖሮ "ሦስተኛ ደረጃ" ያልኩት ተማሪ ከማለፊያው ከ50 በታች ይወርድ ነበር፤ መግለጫውና ውጤቱ ይጣሉ ነበር።

የልጅቷን ወረቀት ለሙከራ በአዲሱ አረምኩት። ትንተና ላይ 12 ቀነስኩ፤ ያ ስህተት ይገባዋል። ማስረጃ ላይ 5 ቀነስኩ፣ ግን በሌላ ምክንያት፦ 40ዎቹም መልስ ሰጪዎች ከአንድ ክፍል ነበሩ። አደረጃጀት ሙሉ። ቋንቋ እንደ ድሮው 12፣ አጠቃቀስ ሙሉ። 80 ሆነ። ተማሪዎቹ የሠሩት አሮጌውን ሩብሪክ አይተው ስለነበር ክብደቱን ለዚያ ዙር መለወጥ አልቻልኩም፤ አንዳንዱን ይጎዳል። የተደራረበውን ቅጣት ግን ከሁሉም ወረቀት ላይ አነሳሁ።

ቋንቋ ላይ እስካሁን አልተሳካልኝም። ዓረፍተ ነገሩ ሲደበላለቅ ትንተናው አለ የለም ማለት ይቸግረኛል፤ ሳላውቀው ሁለቱም ላይ እቀንሳለሁ። አሁን እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ሲያጋጥመኝ ህዳጉ ላይ ምልክት አድርጌ፣ የትንተናውን ነጥብ ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። ባልደረባዬም ያንኑ አንቀጽ ለብቻው ያነበዋል። ከአስራ ሁለቱ ወረቀቶች በሁለቱ ላይ አሁንም አልተስማማንም።