የእንጨቱ ዕድሜና የሥዕሉ ዕድሜ

«ጀርባውን አይቼዋለሁ፤ ፊቱን ማየት አያስፈልገኝም» አለ የጨረታ ቤቱ ገማች።

የምሠራው ለንደን ውስጥ፣ አሮጌ የዘይት ቀለም ሥዕሎች የሚጠገኑበት ወርክሾፕ ነው። ሥዕሉ ሰማያዊ ኮት የለበሰ ሰው ምስል ነው። የሥዕሉ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ናቸው። በቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ወሬ ከሆነ፣ የተሣለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ገማቹ ግን «እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ገደማ የተሠራ ቅጂ» ብሎ ጽፎላቸዋል። እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው፣ ቢጫ የሆነው ቫርኒሽ ብቻ እንዲጸዳላቸው ወደ እኛ ላኩት።

ሰውየው ያየው ነገር አልተሳሳተም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ሸራው የተወጠረበት እንጨት ማዕዘኖቹ ላይ ሽብልቅ አለው። ሽብልቁ ሲመታ ማዕዘኑ ይከፈትና የላላው ሸራ ይወጠራል። እንዲህ ዓይነት መወጠሪያ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ማዕዘኑ ተጣብቆ ወይም በሚስማር ተመትቶ የሚቀር፣ የማይንቀሳቀስ ነበር። እንጨቱ ላይ ደግሞ የመጋዝ ጥርስ የተወው ጠባሳ እንደ ቅስት የታጠፈ ነው፤ ይህ የክብ መጋዝ ሥራ ነው። በእጅ መጋዝ ቢሆን ጠባሳው ቀጥ ቀጥ ያለ በሆነ ነበር። ሚስማሮቹም ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ማሽን የቆረጣቸው ናቸው። አንጥረኛ አንድ በአንድ የቀጠቀጠው ሚስማር ራሱ ወጣ ገባ ይላል፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ከኋላ የሚታየው ጨርቅም ድርና ማጉ እኩል፣ ክሩ ልስልስ ያለ የማሽን ሽመና ነው። እነዚህን አንድ ላይ ስታይ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ይወስዱሃል። እዚህ ድረስ ከገማቹ ጋር አንጣላም።

ቫርኒሹን ከመንካቴ በፊት ወርክሾፑን አጨልሜ መብራት ከጎን አበራሁበት። ብርሃኑ ሸራውን ገረፍ አድርጎ ሲያልፍ የቀለሙ ስንጥቅ ሁሉ ጥላ ያወጣል። ከግራው ጠርዝ 4.5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ አየሁ። በቀኝም እንዲሁ፣ ከላይም እንዲሁ፣ ከታችም እንዲሁ። አራቱም ማዕዘን ላይ ደግሞ ማዕዘኑን በአግድሞሽ የሚቆርጥ ቀጥ ያለ መስመር አለ።

ይህ ስንጥቅ የሚመጣው ከእንጨቱ ነው። እንጨት ከኋላው ያለው የሸራ ክፍል የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥ ብዙም አይሰማውም። መሀሉ ላይ ያለው ባዶ ሸራ ግን እርጥበት በመጣና በሄደ ቁጥር ይላላል፣ ይወጠራል። ሁለቱ በሚገናኙበት፣ ማለትም በእንጨቱ ውስጠኛ ጠርዝ ልክ፣ የደረቀው ቀለም መታጠፍ አይችልምና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከፊት ያለው መስመር ከኋላ የነበረውን እንጨት ስፋት ይነግርሃል።

ገልብጬ ለካሁ። አሁን ያለው እንጨት ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ ፊቱ ተመለስኩ። 7 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው መስመር በጣም ቀጭንና ገና የጀማመረ ነው፤ ያውም በሁለት ጎን ብቻ። ጥልቁ፣ ቀለሙንም ከስሩ ያለውን መሠረት ቀለምም ይዞ የተሰነጠቀው መስመር፣ ዛሬ ምንም ጠርዝ በሌለበት በ4.5 ላይ ነው። ማዕዘኖቹን የሚቆርጠው መስመር ደግሞ ከዚህ መወጠሪያ ጋር ከቶ አይገናኝም። ሽብልቅ አብዝቶ በመምታት የሚመጣ ስንጥቅ ከማዕዘኑ ተነስቶ ወደ መሀል ይበተናል። ይሄኛው ግን ማዕዘኑን ቆርጦ ያልፋል። እንዲህ የሚያደርገው ማዕዘኑ እንዳይነቃነቅ በአግድሞሽ የሚመታ ደጋፊ እንጨት ነው፤ ያ ደግሞ የድሮው፣ ሽብልቅ የሌለው መወጠሪያ አሠራር ነው። ሥዕሉ ከዚህ በፊት ሌላ እንጨት ላይ ኖሯል፤ በዚያም ላይ ረጅም ዘመን ኖሯል።

ገማቹ በሌላ ጉዳይ ወደ ወርክሾፑ ሲመጣ ነው ያነሳሁበት። አለቃዬም አብሮን ነበር። መብራቱን ከጎን አብርቼ መስመሩን እንዲያይ ስጠይቀው ነው ያንን ፊቱን ማየት አያስፈልገኝም የሚለውን የተናገረው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አለቃዬ ዞሮ «እንጨቱ የ1880 ነው። ሚስማሩ የ1880 ነው። ጨርቁ የ1880 ነው። ልጅቷ ሌላ ምን ትፈልጋለች?» አለው።

«እኔን ጠይቀኝ፣ እዚሁ ነኝ» አልኩት። «እንጨቱ የ1880 ነው፣ ተስማምተናል። ግን ማን ነው እንጨቱና ሥዕሉ አብረው ተወለዱ ያለህ? የአያት ቤት በሩ ቢቀየር ቤቱ የልጅ ልጅ ይሆናል?»

«ስንጥቅ በምንም ሊመጣ ይችላል» አለ።

«በምንም ከመጣ በሸራው ላይ ይበታተናል። ይሄ በአራቱም ጎን በእኩል ርቀት ቀጥ ብሎ ሄዷል። በምንም የመጣ ነገር በማስመሪያ አይሄድም።»

አልመለሰልኝም። ሰዓቱን አይቶ ወጣ። ንዴቴ ስለ ክብሬ ብቻ አልነበረም። አንዲት ሴትዮ የባላቸው ቤተሰብ ውሸታም እንደነበር አምነው ተቀምጠዋል። ሰውየው ግን ሁለት ደቂቃ ጎንበስ ብሎ ማየት ከበደው።

ሴትዮዋን አስፈቅደን በሸራው ጠርዝ ዙሪያ የተለጠፈውን ቡናማ ወረቀት በእርጥብ ጥጥ እያራስን አነሳነው። ወረቀቱ የሸፈነው ነገር ነበር፦ ጠርዙ ላይ ያለው ጨርቅ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ሥዕሉ ገበር ገብቶለታል። ሸራ ሲያረጅና ሲዳከም ከኋላው አዲስ ሸራ በዱቄትና በእንስሳት ሙጫ ተለጥፎ በካውያ ይተኮሳል። ጠጋኙ በዚያው አሮጌውን መወጠሪያ አውጥቶ ይጥልና ሽብልቅ ያለው አዲስ ያስገባል። ገማቹ እንጨቱን፣ ሚስማሩንና ጨርቁን ሲያይ ያየው የገበሩን ዘመን ነው። ሠዓሊውን አላገኘውም።

ጠጋኞች ገበር ሲያስገቡ ብዙ ጊዜ የድሮውን ሸራ እጥፋት ቆርጠው ይጥሉታል። እዚህም ሦስቱ ጎን ተቆርጧል። በታች በኩል ግን ሁለት ጣት የሚያህል ቀርቷል። እሱ ላይ የድሮ ሚስማሮች ቀዳዳ አለ። አሁን ካሉት ሚስማሮች ጋር አይገጥሙም፣ ርቀታቸውም እኩል አይደለም። በያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ዝገት ጨርቁን ቡናማ አድርጎታል። የዝገቱ ቅርጽ ክብ ሳይሆን ጎበጥባጣ ነው፤ በእጅ የተቀጠቀጠ የሚስማር ራስ የተቀመጠበት ይመስላል። መሠረት ቀለሙ ደግሞ እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ሸራው መጀመሪያ ተወጠረ፣ ከዚያ ተቀባ ማለት ነው። ከሱቅ ተቀብቶ የተገዛ ሸራ ቢሆን ቀለሙ እጥፋቱንም አልፎ እስከ ተቆረጠበት ጫፍ ይሄድ ነበር።

ኤክስሬዩ የቀረውን ነገረን። መሠረት ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ያለበት ነጭ ስላለ በክሮቹ መካከል ሞልቶ ሽመናውን ያወጣዋል። የፊተኛው ሸራ የተልባ እግር ነው፤ ክሩ አንዴ ወፈር አንዴ ቀጠን ይላል፣ እዚህም እዚያም ቋጠር ያለበት አለ። የክር ብዛት ብቻውን ዘመን አይናገርም። እኔን ያስደሰተኝ ሌላ ነው። በጠርዞቹ በኩል ክሮቹ ማዕበል ሠርተዋል። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ስማር ሸራዬን የምወጥረው ራሴ ስለነበርኩ ይህን እጄ ያውቀዋል። ሸራ በሚስማር ሲያዝ፣ ሚስማሩ ያለበት ቦታ ክሩን ወደ ራሱ ይስባል፤ በሁለት ሚስማር መሀል ያለው ወደ ውስጥ ይቀራል። በላዩ ሙጫና መሠረት ቀለም ሲደርቅበት ያ ማዕበል እዚያው ይቀራል፤ ሚስማሩ ቢነቀልም አይፈታም። በታችኛው ጠርዝ የእያንዳንዱ ማዕበል ጫፍ ከአንድ ዝገት ካለው ቀዳዳ ጋር ገጠመ። ቀዳዳዎቹ የመጀመሪያው ውጥረት ቀዳዳዎች ናቸው። ማዕበሉ በአራቱም ጎን ስላለ ደግሞ ሥዕሉ ተቆርጦ አልጠበበም።

ታዲያ ዕድሜው ስንት ነው? ይህን ያህል ማስረጃ ይዤ እንኳ አንድ ዓመት ልጠራ አልችልም። ሽብልቅ የሌለው መወጠሪያ ርካሽ ስለነበር ሽብልቁ ከመጣም በኋላ አልጠፋም። የእጅ ሚስማርና የእጅ ሽመናም በአንድ ቀን አልቀሩም። ኮቱ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ፕሩሺያን ብሉ ነው። ይህ ቀለም በርሊን ውስጥ የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ሥዕሉ ከዚያ አይቀድምም። ከገበሩ በፊትም እንጨቱ ያን ጥልቅ መስመር እስኪያወጣ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሁሉንም ደምረን «18ኛው ክፍለ ዘመን ሳይሆን አይቀርም፤ መወጠሪያውና ገበሩ የ19ኛው» ብለን ጻፍን። ለሴትዮዋ ደውዬ ስነግራቸው «እንግዲያው አማቼ እውነታቸውን ነበር» አሉ።

በኋላ የጨረታው ካታሎግ ሲወጣ «የእንግሊዝ ሠዓሊ፣ 18ኛው ክፍለ ዘመን» ይላል። ፊርማው የዚያው ገማች ነው። የእኛ ሪፖርት አልተጠቀሰም።

አሁን ወርክሾፑ የሚገቡ ወጣቶች ይህን ታሪክ ስለሚያውቁት «ስንጥቅ አይዋሽም» ማለት ጀምረዋል። ይሄም አያስደስተኝም። ሆላንዳዊው አጭበርባሪ ሃን ቫን ሜይኸረን በ1930ዎቹ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ሸራ ገዝቶ የላዩን ሥዕል ፋቀ፤ የተሰነጠቀውን መሠረት ቀለም ግን ሆን ብሎ ተወው። በላዩ ሲሥል የድሮው ስንጥቅ ወደ አዲሱ ቀለም ዘልቆ እንዲወጣ ነው። ቀለሙን ባኬላይት የሚባለው ፕላስቲክ ከሚሠራበት ሙጫ ጋር ቀላቅሎ ምድጃ ውስጥ አደረቀው፣ በሲሊንደር ላይ እየጠቀለለ ሰነጠቀው፣ ስንጥቁን በቀለም ውሃ አጠቆረው። በ1937 ሮተርዳም የሚገኘው የቦይማንስ ሙዚየም የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ሠዓሊ የቨርሜር ሥዕል ነው ብሎ ገዛው። ሸራው እውነተኛ፣ ስንጥቁም በከፊል እውነተኛ ነበር።

ስለዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ሥዕል ሲመጣ ስንጥቁን በማይክሮስኮፕ ከሥሩ ጀምሬ አያለሁ። ጠርዙ ስለት ያለው ነው ወይስ ክብ? ውስጡ ያለው አቧራ ነው ወይስ ቀለም? መሠረቱ ላይ ያለው ስንጥቅና ላዩ ላይ ያለው እኩል ያረጁ ናቸው? ከዚያ በኋላ ነው ማስመሪያ አንስቼ ከጠርዙ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደገባ የምለካው።