የዕቁብ መተግበሪያችን ቅዳሜ አይወጣም

ወዳጆች፣ ቅዳሜ ትለቀቃለች ያልናት የዕቁብ መተግበሪያ ሁለት ሳምንት ዘግይታ ትወጣለች። እየጠበቃችሁ እንደሆነ ስለማውቅ ምክንያቱን በደንብ ልንገራችሁ።

ዛሬ ሐዋሳ ፒያሳ አንዲት የዕቁብ ሰብሳቢ ሱቅ ቁጭ ብለን የድሮ ደብተሯን አስገባን። ዕቁቡ በየሰኞው ነው። ደብተሩ ላይ «ጳጉሜን 6፣ 2015» ይላል። ስልኩ ላይ ግን «መስከረም 1፣ 2016» ሆኖ መጣ። ቀጣዩ ሰኞ መስከረም 7 መሆን ሲገባው 8 አለ። «ልጄ፣ በዚህ እኮ ሰው ይጣላል» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዕቁብ ቀን አይቀለድበትም።

የቀን መቀየሪያው ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ይቆጥራል። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ግን ጳጉሜን 6 ነው። 2015 እንደዚያ ነበር፣ 2019ም እንደዚያው ነው።

መቀየሪያውን ማረም የአንድ ቀን ሥራ ነው። የሚያስቸግረው እናንተ ስልክ ላይ ቀድሞ የተመዘገበው ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ቀኑ እንደ ተራ የቀናት ቁጥር ይቀመጣል፤ ወደ ወርና ቀን የሚቀየረው ሲታይ ብቻ ነው። የነባሮቹን መዝገብ አንድ ክፍያ ሳይጠፋ ወደዚህ ማዛወር አለብን።

የሙከራውን ቅጂ የጫናችሁ፣ እባካችሁ እስከዚያ አታጥፉት።