ዓመቱን ሙሉ ያልመጡት 88 ሰዎች

ከአቃቂ አልፎ በቱሉ ዲምቱ በኩል ላለ አንድ ጤና ጣቢያ መረጃ እተነትን ነበር። ጥያቄው አጭር ነው። የጤና መድን ካርድ ያለው ሰው ከሌለው ይበልጥ ወደ ጤና ጣቢያ ይመላለሳል ወይ?

ካርድ ካላቸው 200፣ ከሌላቸውም 200 ሰው ወሰድን፤ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ። የዓመቱን ምልልስ ከካርድ ክፍል መዝገብ ቆጠርን። ሰፈሩ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ በዓመቱ መሐል የሚገባና የሚወጣ ተከራይ ብዙ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ እዚያው የኖሩትን ብቻ መረጥን። ያለዚያ እያንዳንዱ ሰው የኖረበትን የወር ብዛት በሎጋሪዝም ቀይሮ እንደ ኦፍሴት ማስገባት ግድ ነበር። አምስት ወር የኖረና አሥራ ሁለት ወር የኖረ ሰው ምልልሱ ዝም ብሎ አይወዳደርም።

ውጤቱ የቆጠራ ቁጥር ነውና በፖይሰን ሪግሬሽን ሠራሁት። ካርድ የሌላቸው በአማካይ 3 ጊዜ፣ ያላቸው 3.45 ጊዜ መጥተዋል። ጥምርታው 1.15 ነው። የ95 በመቶ ኢንተርቫሉ ከ1.03 እስከ 1.28፣ ፒ ቫልዩው 0.012 ወጣ። «ካርድ ያላቸው በ15 በመቶ ይበልጥ ይመላለሳሉ» ብዬ ረቂቁን ላክሁ።

ረቂቁ ላይ ስንወያይ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ሰንጠረዡን ትኩር ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ሦስት ጊዜ ምናምን የሚመጣው ሰው የታለ?» አሉኝ። «የኔዎቹ በየወሩ ነው የሚመጡት። ሌላው ሰው ደግሞ ጭራሽ ዝር አይልም።»

ቢሮ ተመልሼ መጀመሪያ ያደረግሁት ዜሮዎቹን መቁጠር ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንዴም ያልመጡት 88 ናቸው። አማካዩ 3 ሲሆን ፖይሰን ዜሮ ይሆናሉ የሚለው 5 በመቶውን ብቻ ነው፤ 3.45 ሲሆን ደግሞ 3 በመቶ ገደማውን። ከ400 ሰው 16 ያህል ማለት ነው። 16 ጠብቆ 88 ማግኘት ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፖይሰን ቫሪያንሱ ከአማካዩ ጋር እኩል ነው ብሎ ይነሳል። ሲስተር የነገሩኝ ግን ሰው ከሰው በጣም እንደሚለያይ ነው። መድኃኒት በየወሩ የሚወስድ አለ፣ ጤነኛም አለ። ያ ልዩነት ሞዴሉ ውስጥ ካልገባ ቫሪያንሱ ከአማካዩ ይበልጣል። ኦቨርዲስፐርሽን የሚባለው ይህ ነው። በ R እንዲህ ይታያል፦

```
m <- glm(visits ~ card, family = poisson, data = d)
sum(residuals(m, type = "pearson")^2) / df.residual(m)
```

ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ከገጠመ መልሱ 1 አካባቢ ይሆናል። የኔ 1592 ለ398 ሲካፈል 4 መጣ። ስታንዳርድ ኤረሩ በ4 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በእጥፍ አንሶ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳላይ ነው ረቂቁን የላክሁት፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቁጥሩ ከፍ ሲል ወዲያው ሞዴል መቀየርም ልክ አይደለም። በስህተት የተጻፈ አንድ ግዙፍ ቁጥር ወይም የተረሳ ኦፍሴት ይህንኑ ያመጣል። መዝገቡን እንደገና አገላብጬ እንዲህ ያለ ነገር ስላላገኘሁ ወደ ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ሄድሁ፦

```
library(MASS)
m2 <- glm.nb(visits ~ card, data = d)
```

ይህ ሞዴል ቫሪያንሱን `mu + mu^2/theta` ያደርገዋል፤ `mu` አማካዩ ነው። የኔ `theta` 1.08 ወጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። R ላይ `theta` ባነሰ ቁጥር መበታተኑ ይበዛል። Stata የሚያሳየው `alpha` ግን 1 ለ`theta` ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ የኔው በዚያ 0.93 ይሆናል።

ጥምርታው አልተነቃነቀም፣ ያው 1.15 ነው። ሞዴሉ ውስጥ ያለው ካርድ አለው ወይስ የለውም የሚለው ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱም ሞዴሎች የሁለቱን አማካዮች ጥምርታ ነው የሚሰጡት። የተለወጠው ኢንተርቫሉ ነው፦ ከ0.92 እስከ 1.43። ፒ ቫልዩውም 0.21 ሆነ።

አንድ ባልደረባዬ «ዜሮው ስለበዛ ዜሮ ኢንፍሌትድ ሞዴል አትሞክርም?» አለኝ። ኔጌቲቭ ባይኖሚያሉ ስንት ዜሮ እንደሚጠብቅ አሰላሁ፤ 90 ገደማ። ያየነው 88 ነው። ሌላ ሞዴል የሚያስጨምር የተረፈ ዜሮ የለም።

ረቂቁን መልሼ ጻፍሁት፦ «ካርድ ያላቸው ምልልስ በ8 በመቶ ያነሰ ወይም በ43 በመቶ የበለጠ ሊሆን ይችላል፤ ይህ መረጃ አይለየውም።» ለሲስተር ወስጄ አሳየኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ የክትትል ቀጠሮንና አዲስ ሕመምን ለየብቻ መቁጠር ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። በማግስቱ ካርድ ክፍል ገብተን የመጀመሪያውን መዝገብ ከፈትን።