ኅዳጉ ላይ ያልሰፈረው ቃል

አንድ ምሁር ስለ ጣና ሐይቅ እምቦጭ የሰጡትን ገለጻ ሪፖርት ባስገባሁ በሦስተኛው ቀን አለቃችን አስጠሩኝ። ወረቀቱ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። «ይህን ሰውየው ራሳቸው ናቸው ያሉት?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልኳቸው። ማስታወሻዬን ገልጬ አሳየኋቸው፤ በእጄ ጽሑፍ «እምቦጩ በማሽን ታጭዶ ከወጣ ሐይቁ ይጸዳል» ይላል። ያቺ ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው ዓመት የዕቅድ ረቂቅ ውስጥ ገብታለች። የሥነ ሕይወት ባለሙያ የሆኑት ባልደረባችን ረቂቁን ሲያነቡ ግን ደንግጠው ወደ አለቃችን መጥተዋል። እሳቸውም በገለጻው ላይ ነበሩ። «ሰውየው ይህን የተናገሩት ሊያፈርሱት ነው» ነበር ያሏቸው።

ገለጻው የተሰጠው ባሕር ዳር ውስጥ፣ ሐይቁ በመስኮት በሚታይበት አንድ አዳራሽ ነው። ከውጭ አገር የመጡ ምሁር ስለ ጣና እምቦጭ በእንግሊዝኛ ሁለት ሰዓት ያህል ተናገሩ። የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ማስታወሻ እንድይዝ ተላክሁ። በትጋት ጻፍኩ፤ 11 ገጽ። እጄ እስኪዝል ድረስ አንድም ስላይድ አላመለጠኝም። እንግሊዝኛውንም አላጣሁትም፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ብትጠይቁኝ ትርጉሙን እነግራችሁ ነበር።

እትዬ (ባልደረባችንን እንዲህ ነው የምጠራቸው) አልተቆጡኝም። «ና ተቀመጥ» አሉኝና ስልካቸውን አወጡ። ገለጻውን ቀድተውታል። ማስታወሻዬን ጎን ለጎን ዘርግተን ያንን ክፍል አብረን አዳመጥነው። ምሁሩ «ኢት ኢዝ ኦፍን አሲዩምድ ዛት» ብለው ይጀምራሉ፤ «ብዙ ጊዜ እንዲህ ተብሎ ይታሰባል» ማለታቸው ነው። ሐረጉ አንድ ሰከንድ እንኳን አይሞላም፤ ተጣጥፎ፣ ተውጦ ያልፋል። ቀጥሎ ማሽን፣ ማጨድ፣ ማጽዳት የሚሉት ቃላት ጎላ ብለው ይሰማሉ። ከዚያ ትንሽ ጸጥታ፤ ከዚያ «ሃውኤቨር»፣ ማለትም «ነገር ግን»። ቀሪዎቹ አራት ደቂቃዎች በሙሉ ያ ሐሳብ ለምን ብቻውን እንደማይበቃ የሚያስረዱ ናቸው።

ተክሉ በሁለት መንገድ ይራባል። አንደኛው ከእናቲቱ ተክል በሚዘረጋ ቅጥያ ልጅ ተክል ማውጣት ሲሆን፣ ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ብዛቱን እጥፍ ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛው ዘር ነው። ዘሩ ወደ ደለሉ ይሰምጥና ዓመታት፣ ከአሥር ዓመትም በላይ፣ ሳይሞት ይቆያል፤ ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ብርሃን ሲያገኝ ይበቅላል። ማሽን የሚያነሣው በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ነው፤ ደለል ውስጥ ያለው ዘር ባለበት ይቀራል። በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል አባይ ታጥቦ የሚገባው፣ ተክሉን የሚመግበው ናይትሮጅንና ፎስፎረስም አይቋረጥም። ይህ ሁሉ ማስታወሻዬ ውስጥ አለ። ዘሩም አለ፤ ወንዞቹም አሉ። የጎደለው ከላይኛው ዓረፍተ ነገር ጋር የሚያያዙበት ነገር ነው። «ይታሰባል» የሚለውም «ነገር ግን» የሚለውም አልተጻፈም። ስለዚህ ሰውየው የሚቃወሙት ሐሳብና የሚደግፉት ሐሳብ በአንድ ቀለም፣ በአንድ መስመር፣ እኩል እውነት ሆነው ተቀምጠዋል።

ለምን አመለጠኝ? ይህን ብዙ ቀን አሰብኩበት፤ ያገኘሁት መልስ ከአማርኛ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ሐሳቡን አስቀድመን፣ ሐሳቡ የማን እንደሆነና ምን ያህል እንደምናምነው መጨረሻ ላይ እንናገራለን። «ማሽን ከገባ ሐይቁ ይጸዳል ተብሎ ይታሰባል» ስንል ፍርዱ የተንጠለጠለው በመጨረሻው ግስ ላይ ነው። «ቢሆንም»፣ «ቢባልም»፣ «ይላሉ» ሁሉም ከኋላ ይመጣሉ። ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ ዓረፍተ ነገሩ እስኪዘጋ መጠበቅን ተምሯል። በእንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱ ፊት ይመጣል፤ ሐሳቡ ይከተላል። እኔ የቀደመውን ዓረፍተ ነገር እየጨረስኩ፣ ብዕሬን ወደ አዲስ መስመር እያሻገርኩ ሳለሁ የሐሳቡ ባለቤት ተነግሮ አልቋል። ቀና ስል የምሰማው ባለቤት የሌለው ሐሳብ ነው፤ እኔም የተናጋሪው አደረግሁት።

እትዬ የቅጂውን መጀመሪያም አሰሙኝ። ምሁሩ ከምስጋናው ቀጥለው የገለጻቸውን ቅርጽ ተናግረዋል፤ በመጀመሪያ ተክሉ እንዴት እንደሚራባ፣ ቀጥሎ ማስወገድ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ በመጨረሻም ወንዞቹ ምን ይዘው እንደሚመጡ። ሃያ ሰከንድ ያህል ይሆናል። የእኔ የመጀመሪያ ገጽ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምስጋናና ሰላምታ ነው ብዬ እስክሪብቶዬን አላነሣሁም ነበር። «ምን እንደማይሠራ» የሚለው በዚያ ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ሁለተኛው ክፍል ማሽኑን ሊያሞግስ እንዳልመጣ አስቀድሜ አውቅ ነበር።

አንድ ሌላ ገጽም አሳዩኝ። ተክሉ ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር ከትውልድ አገሩ ከደቡብ አሜሪካ ለጌጥ እየተወሰደ በዓለም መሰራጨቱን ከግማሽ ገጽ በላይ ጽፌዋለሁ። ታሪክ ስለሆነ በቀላሉ ይከተሉታል፤ እጅም አይደክምም። በቅጂው ላይ ግን ወሬው «ኢንሲደንታሊ» በሚል ይከፈታል፤ «በነገራችን ላይ» ማለት ነው። የሚዘጋውም «ኤኒዌይ» በሚል ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ሁሉ ተናጋሪው ራሳቸው ከመንገዱ ወጣ ብለው ያወሩት ነው። የእኔ ረጅሙ አንቀጽ የሳቸው አጭሩ ጨዋታ ነበር። እጄን ማሳረፍ የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ደብተሬን ለወጥኩት። በግራ በኩል ሦስት ጣት የሚያህል ኅዳግ አሰምራለሁ። በሰፊው ክፍል የሚባለውን እጽፋለሁ፤ በኅዳጉ የተባለው ነገር ምን ሆኖ እንደተባለ ብቻ። «ሰዎች» ካልኩ ሌሎች የሚያምኑት ነው። «ግን» ካልኩ የተናጋሪው አቋም ከዚህ ይጀምራል። «ምሳ» ምሳሌ ነው፤ «ወጣ» ደግሞ ከርዕሱ መውጣት፣ እስኪመለሱ ድረስ ብዕር አይነካም። ተናጋሪው ሦስት ነገር እናገራለሁ ካሉ ወዲያው 1፣ 2፣ 3 ብዬ በየመሐሉ ሰፊ ቦታ እተዋለሁ። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ኅዳጉን በፊት፣ ሐሳቡን በኋላ እጽፋለሁ። ሐሳቡ ቢያመልጠኝ ስላይዱ ላይ ይኖራል፣ ተናጋሪው ይደግሙታል፣ ጓደኛዬ ጽፎታል። «ይታሰባል» የሚለው ግን ስላይድ ላይ አይጻፍም፤ ከአፍ ወጥቶ ከአየር ላይ የሚጠፋ ነው።

እትዬ አንድ መልመጃ ሰጡኝ፤ እስከ ዛሬ እሠራዋለሁ። አሥር ደቂቃ የሚሆን የተቀዳ ገለጻ ከፍቶ አንድም ፍሬ ሐሳብ ሳይጽፉ ኅዳጉን ብቻ መሙላት። መጀመሪያ ላይ ከባድ ነው፤ ብዕር ወደ ቀኝ ይሸሻል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዳምጡ ሐሳቦቹን ይሞሏቸዋል፤ ቦታቸው አስቀድሞ ስለተዘጋጀ ይገባሉ። እኔ ሳምንት ከሠራሁት በኋላ እነዚያ የሚዋጡ ሐረጎች ቃል በቃል ባይሰሙኝም በዜማቸው ይታወቁኝ ጀመር።

መንገዱ የማይሠራበትም አለ። በቃል የማያመለክቱ ተናጋሪዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ «ሶ» እና «ኦኬ» የሚሉትን ቃላት በየዓረፍተ ነገሩ ይረጫል፤ አንዱ ምዕራፍ መዝጊያ ሲሆን ዘጠኙ ትንፋሽ መውሰጃ ነው። በዚህ ጊዜ ቃሉን ትቼ ሰውየውን አያለሁ። ረዘም ያለ ዝምታ፣ ዝቅ ብሎ የነበረ ድምፅ ከፍ ብሎ መነሣት፣ ስላይድ መቀየር፣ ራሱ ጠይቆ ራሱ የሚመልሰው ጥያቄ፤ ከእነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡ አዲስ ክፍል ተከፍቷል ብዬ መስመር አሰምራለሁ። አንዳንዴ እሳሳታለሁ። የተሳሳተ መስመር በኋላ ይሰረዛል፤ ያልተሰመረ ግን ከሌላ ሰው ማስታወሻ ጋር ካልተመሳከረ አይገኝም።

ዕቅዱ ሳይጸድቅ ስለታረመ ጉዳት አልደረሰም። አለቃችን ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ገለጻ ላይ ላኩኝ፤ ስለ ጣና ተፋሰስ የአፈር መሸርሸር። ተናጋሪዋ ደለል ወደ ሐይቁ የሚገባባቸውን ሦስት ምክንያቶች እንደሚያነሡ ሲናገሩ ቁጥሮቹን ጻፍኩ። 1 ላይ ተዳፋት መሬት ያለ እርከን ማረስ ገባ። 2 ላይ ከብት ከአቅም በላይ የሚግጠው የወል መሬት ገባ፤ እዚያ ላይ ረጅም ምሳሌ መጣ፣ በኅዳጉ «ምሳ» አልኩ። ከዚያ ወደ መፍትሔ ተሻገሩ። ገለጻው ሲያበቃ 3 ባዶዋን ነበረች።

ዙሪያዬን ስመለከት ሁሉም ደብተሩን እያጠፈ ነው። እጄን አወጣሁና ሦስተኛው ምክንያት አምልጦኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። ተናጋሪዋ ወረቀታቸውን አገላበጡ። «አላመለጠህም፤ አልተናገርኩትም» አሉና ቦረቦር መሆኑን ተናገሩ። ቦረቦር ከላይኛው ለም አፈር አልፎ ጥልቁን አፈር እየናደ በቀጥታ ወደ ወንዝ እንደሚያወርድ፣ ማሳ ላይ የተሠራ እርከንም ከታች ያለውን ቦረቦር እንደማያቆመው አስረዱ። የተጣጠፉት ደብተሮች እንደገና ተከፈቱ። እኔ በተውኩት ቦታ ላይ ጻፍኩት።