ግድግዳው አንድ ለአራት፣ ወለሉ አንድ ለሦስት

ግቢ ውስጥ የሠራኋት ሰርቪስ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች አንድ ክፍል ናት። ብሎኬቱ ቆሞ ጣሪያው ከተመታ በኋላ ልስኑንና ሊሾውን ራሴ ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ። የሰፈራችን አንድ የቆየ ለሳኝ ደግሞ ሥራው ሲጀመር አብሮኝ ሊቆም ፈቀደ።

መጀመሪያ ያስቀየረኝ መለኪያዬን ነው። በአካፋ መቁጠር ሰው ያታልላል፤ አንዱ አካፋ ክምር ይሆናል፣ ሌላው ግማሽ። ከጣውላ ሳጥን አስመታኝ፤ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ጥልቀቱ 18 ሳንቲ። ይህ 36 ሊትር ገደማ ይይዛል። የ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከረጢትም ሲገለበጥ የሚሞላው ይህንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ሆነ፦ ለግድግዳ አንድ ከረጢት ለአራት ሳጥን አሸዋ፣ ለወለል አንድ ከረጢት ለሦስት ሳጥን። ርጥብ አሸዋ ግን ስለሚያብጥ ሳጥኑ የሞላ ይመስላል እንጂ ውስጡ ያለው አሸዋ ያንሳል። እኔ አሸዋውን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ነው የሰፈርኩት።

«ግድግዳውንም ለምን አንድ ለሦስት አናደርገውም? ይጠነክራል» አልኩት።

«ወንድሜ፣ ግድግዳ ላይ ማን ይሄድበታል?» አለኝ። «ሲሚንቶ ስታበዛ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ይሰነጠቅብሃል።»

እውነቱን ነው። ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ከሥሩ ካለው ብሎኬት ይልቅ ጠንካራ ይሆናል፤ ሲኮማተር ብሎኬቱ አብሮት አይሄድም። ውጤቱ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ስንጥቅ ነው፣ ሲብስም ንጣፉ ከግድግዳው ይላቀቃል። ግድግዳው ላይ አንድ ለሦስቱን የተጠቀምነው ለመጀመሪያው ርጭት ብቻ ነው፤ ቀጠን አድርገን ወርውረነው ሸካራ እንዲሆን ተውነው፣ ዋናው ልስን እንዲይዘው። ወለል ግን ይረገጣል፣ አልጋና ቁም ሣጥን ይጎተትበታል። ስለዚህ ሲሚንቶው ጠና ማለት አለበት።

ትልቁ ልዩነት ግን ያለው ውሃው ላይ ነው። ለልስን ለአንድ ከረጢት ከ25 እስከ 30 ሊትር ውሃ ገባ፤ ለወለሉ 20 ሊትር እንኳ አልሞላም። አሸዋው ርጥበት ካለው ከዚህም ይቀንሳል። ስለዚህ ከሊትሩ ይልቅ እጅን ማመን ይሻላል። የልስን ቡኮ በግንበኛ ማንኪያ ተነሥቶ ማንኪያው ዘንበል ሲል ወዲያው መንሸራተት የለበትም። የወለሉን ደግሞ በጭብጥህ ጨብጠው። ቅርጹን ይዞ ከቀረና በጣቶችህ መሃል ውሃ ካልወረደ ልክ ነው። ከፈረሰ ደርቋል፤ ከተንጠባጠበ ረጥቧል። ውሃ የበዛበት ወለል ሲሚንቶውን ወደ ላይ ይዞት ይወጣል፤ ከደረቀ በኋላ በተጠረገ ቁጥር አቧራ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ሰው ወለሉ ላይ ውሃ ሲወጣ ሲያይ ለመምጠጥ ደረቅ ሲሚንቶ ይነሰንሳል። አይረዳም። ላይኛው ስስ ሽፋን ብቻውን ይጠነክርና እንደ ቅርፊት ይነሳል።

ያልጠበቅኩት ነገር ወለል ምን ያህል ሲሚንቶ እንደሚበላ ነው። የክፍሏ ግድግዳ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 35 ካሬ ነው፣ በ1.5 ሳንቲ ውፍረት አራት ከረጢት አካባቢ ወሰደ። ወለሉ 12 ካሬ ብቻ ነው። ሆኖም በ4 ሳንቲ ውፍረት አራት ከረጢት ተኩል ጠጣ። ቡኮ ተጠቅጥቆ ሲቀመጥ ከደረቁ ድብልቅ ስለሚያንስ፣ ስታሰላ ከሚሞላው መጠን ላይ ሲሶ ያህል ጨምርበት።

አሸዋውን በጠርሙስ ሞክሩት። ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ፣ ትንሽ ጨው፤ በደንብ ነቅንቃችሁ ለሰዓታት ተዉት። ከላይ የሚዘቅጠው ጭቃ ከአሸዋው ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ቡኮውን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የምትጨርሰውን ያህል ብቻ አቡካ። መጥናት ሲጀምር ውሃ ጨምሮ ማላላት የተለመደ ነው፣ ግን ጥንካሬው ይወርዳል።

ብሎኬቱን ከልስን በፊት አርጥበነዋል፤ ካልሆነ ከቡኮው ውሃ ይመጥጥበታል። ከዚያም ግድግዳውንም ወለሉንም ለሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁ። ወለሉን በርጥብ ጆንያ ሸፈንኩት። ፒፒሲ ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ከሳምንት በላይ ቢጠጣም አይበዛበትም።

ካለቀ በኋላ በመዶሻ እጀታ እየነካካሁ አዳመጥኩት። ባዶ ድምፅ የሰጠው ቦታ አልያዘም ማለት ነው። እዚያ ዙሪያውን ቆርጦ፣ ሥሩን አጽድቶ፣ አርጥቦ በዚያው ልክ መሙላት ነው።