ለምን በአባዬ ስም እንደማልጽፍ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! የዘንድሮው የበዓል መልእክቴ ደሴ ላሉት ቤተሰቦቼ የጻፍኩት ደብዳቤ ነው። ስለፈቀዱልኝ እናንተም አንብቡት።

አባዬ፣ ለፋሲካ ስመጣ "ስሜ አሳፈረሽ እንዴ?" ያልከኝ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ያኔ ፊትህ ላይ መመለስ አቃተኝ።

እኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። የኔ ስም አንድ ነው፤ ከኋላው ያለው ያንተ ነው። በስሜ ስጽፍ አንተም ሳትጠየቅ አብረኸኝ ትፈርማለህ። የመጀመሪያው አጭር ልቦለዴ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ይህን አላሰብኩም ነበር። ባሏን ጥላ ስለወጣች ሴት ነው፤ ሴትዮዋን የፈጠርኳት ራሴ ነኝ። ግን ከታሪኩ ላይ ያንተ ስም አለ፣ እቴ ደግሞ እህትህ ናት፣ እሷም ከባሏ ተለያይታለች፣ ሰፈሩ ይህን ሁሉ ደምሮ ጨረሰው። እቴ ጋዜጣውን አጣጥፋ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችና አቦሉን ብቻ ጠጥታ ተነሣች። በረካ ሳትጠጣ ከቤታችን ወጥታ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ነው የብዕር ስም የያዝኩት።

ስሙ ለምን አንድ ቃል ብቻ ሆነ ብላችሁም ጠይቃችሁኛል። ሁለተኛ ስም ብጨምርበት አንባቢው የአባቴ ስም ነው ብሎ ይወስደዋል። አባዬ፣ በሌለ ሰው ልተካህ አልፈለግኩም።

እማዬ፣ "ነገ መጽሐፉ ያንቺ ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?" ላልሽው፣ አብሽሪ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ደራሲ በብዕር ስም እንዲያሳትም ይፈቅድለታል። ልዩነቱ ዘመኑ ላይ ነው። ደራሲው ማን እንደሆነ ከታወቀ የገንዘብ ጥቅሙ በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጠበቃል። ካልታወቀ ግን 50 ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው መጽሐፉ ከወጣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከአሳታሚው ጋር የተዋዋልኩት መታወቂያዬ ላይ ባለው ስም ነው፤ የብዕር ስሙ የኔ መሆኑም ውሉ ውስጥ ተጽፏል። አንዱን ቅጂ፣ በእጄ ከጻፍኩባቸው ደብተሮች ጋር፣ ያንቺ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ቁልፉን አደራ።

ደግሞ የብዕር ስሙ ሙሉ በሙሉ እንደማይደብቀኝ አውቃለሁ። የጦሳ ተራራን ብርድና የቤታችንን አነጋገር የሚያውቅ ሰው ሁለት ገጽ ካነበበ ይደርስብኛል። ያ አያስጨንቀኝም። እኔ የፈለግኩት የማያውቀን ሰው ሽፋኑን አይቶ እቴ በር ድረስ እንዳይመጣ ነው።

እቴ፣ አዲሱን መጽሐፍ ከማተሜ በፊት በስልክ ሳነብልሽ ሁለት ቦታ ላይ "ይሄ ይውጣ" ብለሽኝ ነበር። አውጥቼዋለሁ። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እደርሳለሁ፤ ቡናውን አንቺ አፍይልኝ፣ እስከ በረካ እንቀመጣለን።