ደረቴ ላይ ያለው ፊደል

ሐምሌ ነው። ሜልበርንም እንደ አገር ቤት ክረምት ላይ ናት፤ ልዩነቱ እዚህ ልብስ ለማድረቅ ፀሐይን ሳይሆን ንፋስን መለመን ነው። ስንጫወት ደረታችን ላይ የምናጠልቃቸውን የቡድናችንን ጨርቆች የማጠብ ተራ የኔ ስለነበረ ማክሰኞ ማታ የተጫወትንባቸውን ዛሬ ጠዋት አጥቤ ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው። ሰባት ናቸው። እያንዳንዱ ከፊትም ከኋላም 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትልቅ የላቲን ፊደል ተጽፎበታል። ከትምህርት ቤት መለያ ጋር የሚመሳሰል መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ቁጥር ማን እንደሆንሽ ይናገራል። ይሄ ግን የት መቆም እንደምትችዪ ነው የሚናገረው። ዳኛዋ ከሩቅ ሆና ፊደሉን አይታ፣ እግርሽን አይታ ትፈርዳለች።

የጨዋታውን ስም ለእህቴ በስልክ ስነግራት «መረብ ኳስ ጀመርሽ?» አለችኝ። ቃል በቃል ካየነው ልክ ናት፤ ግን መረብ ኳስ ለኛ ሌላ ነገር ስለሆነ ኔትቦል ብዬ ልተወው። የቅርጫት ኳስ እህት ነው፤ ቀለበቱም በዚያው በ3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከጀርባው ሰሌዳ ግን የለውም። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ቅርጫት ኳስ እጫወት ስለነበረ፣ የሥራ ባልደረባዬ «አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ነይ» ስትለኝ ሳላቅማማ እሺ ያልኩት ለዚህ ነው። ችግሬም የመጣው ከዚያው ነው።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ትጫወተዋለች። ጨርቆቹን እንዳመቸኝ መስቀሌን አይታ አልቻለችም፤ አውርዳ በሜዳው ቅደም ተከተል ሰቀለቻቸው። «እማዬ፣ ከራሳችን ጎል እንጀምራለን» አለች። ሜዳው ርዝመቱ 30.5 ሜትር ነው፤ በሁለት አግዳሚ መስመሮች ሦስት እኩል ቦታ ይከፈላል። በሁለቱም ጫፍ ከቀለበቱ ስር ግማሽ ክብ አለ። የመጀመሪያዋ ጂ ኬ ከራሷ ጫፍ ሢሶ አትወጣም። ጂ ዲ የጫፉንም የመሐሉንም ሢሶ ትረግጣለች። የኔ ፊደል ደብሊው ዲ ነው፤ እኔም እነዚያኑ ሁለት ሢሶዎች አገኛለሁ፣ ግማሽ ክቡ ውስጥ ግን አልገባም። ሲ ሦስቱንም ሢሶ ትሮጣለች፤ ሁለቱ ግማሽ ክቦች ብቻ ክልክል ናቸው። ከእሷ ወዲያ ያሉት ሦስቱ የእኛ የመስታወት ምስል ናቸው። ደብሊው ኤ እንደኔው ከግማሽ ክብ ውጭ ትቀራለች፣ ጂ ኤ ትገባለች፣ ጂ ኤስ ደግሞ ከጫፉ ሢሶ አትወጣም። ጎል ማስቆጠር የሚችሉት እነዚህ የመጨረሻ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እሱም ግማሽ ክቡ ውስጥ ሆነው።

ገመዱ ላይ ተደርድረው ሳያቸው አንድ ነገር ገባኝ። የኔ ክልል ከተቃራኒዋ ደብሊው ኤ ክልል ጋር አንድ ነው፤ ከኋላ ሆኜ የምጠብቃት ሴት የምትረግጠውን ሁሉ እረግጣለሁ፣ ከዚያ አንዲት ጋት አላልፍም። የጂ ኬ እና የተቃራኒዋ ጂ ኤስም እንደዚያው ነው። የእኔ ቦታ የተሰፈረው በጠላቴ ቁመት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ማክሰኞ ልመለስ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ፊሽካ ተነፋብኝ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ኳሱን ያዝኩ፣ እንደ ለመድኩት መሬት አንጥሬ መልሼ ያዝኩት። እዚህ አንጥሮ መሄድ የሚባል የለም። ሁለተኛው ግን የሚያናድድ ነበር፣ ምክንያቱም አንድ ቦታ እንደቆምኩ እርግጠኛ ነበርኩ። ዘልዬ ኳሱን አየር ላይ ያዝኩ፣ ግራ እግሬ ቀድሞ መሬት ነካ፣ ቀኝ ተከተለ። ፊት ለፊቴ ያለችው ጓደኛዬ ተሸፍናለች። ዞርኩ፤ ሌላዋን አየሁ፤ በኃይል ልወረውር ግራ እግሬን አንስቼ ወደፊት ረገጥኩ። ፊሽካ! ኳሱ ለተቃራኒ ተሰጠ።

ከጨዋታው በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ባልደረባዬ እግር በእግር አስረዳችኝ። የማላዊ ልጅ ናት፤ አገሯ ላይ ኔትቦል የሴቶች ትልቁ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ማላዊ ኒውዚላንድን 57 ለ 53 ያሸነፈችበትን ቀን እስካሁን እንደ ሠርግ ታወራዋለች። «መጀመሪያ መሬት የነካው እግርሽ የተተከለ ችንካር ነው በይው» አለችኝ። በሌላው እግር የፈለግሽውን ያህል ጊዜ እየረገጥሽ በችንካሩ ላይ መዞር ትችያለሽ። ችንካሩንም ማንሳት ትችያለሽ። ያነሳሽው እግር ተመልሶ መሬት ሳይነካ ግን ኳሱ ከእጅሽ መውጣት አለበት። መጎተት የለም፣ በዚያው እግር እንጣጥ ማለትም የለም። የኔ ጥፋት ማንሳቴ ሳይሆን ኳሱን እንደያዝኩ መልሼ ማስቀመጤ ነበር። «ሁለቱም እግርሽ እኩል ካረፉ ደግሞ ታድለሻል፣ የትኛው ችንካር እንደሚሆን ራስሽ ትመርጫለሽ» አለችኝ። ይህ ሁሉ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ከያዝሽ ሌላ ፊሽካ ነው።

«ለምን ግን? ምን አጠፋ ሁለት እርምጃ ብሄድ?» አልኳት። ሳቀችና «ሂጂ አንብቢ» ብላኝ መኪናዋን አስነሳች።

አነበብኩ። ነገሩ ከቅርጫት ኳስ መፈልሰፍ ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ መምህር ለክረምት፣ ቤት ውስጥ የሚሆን ጨዋታ አውጣ ተባለ። ጠንካራ ወለል ላይ ሰው እየተጣለ መጫወት አይቻልም። ሰው ሰውን የሚጥለው ለምንድነው ብሎ አሰበ፤ ኳሱን ይዞ ስለሚሮጥ ነው። ይዞ መሮጥ ከተከለከለ የሚያስጥል ምክንያት አይኖርም። ካወጣቸው 13 ደንቦች ሦስተኛው ተጫዋች ኳሱን ከያዘበት ቦታ ላይ መወርወር አለበት ይላል፤ በፍጥነት ሲሮጥ የያዘ ብቻ ትንሽ ይታለፍለታል። ተማሪ ሳለሁ የተማርኩት ማንጠር በኋላ የመጣ ነው። ብዙ ሳይቆይ ሴንዳ ቤረንሰን የተባለች የስሚዝ ኮሌጅ መምህርት ጨዋታውን ለሴቶች ስታስተካክል ሜዳውን ሦስት ቦታ ከፈለችው፤ ኳስ የመያዣ ጊዜውንም በሦስት ሰከንድ ወሰነችው። ጨዋታው በዚያው አሥርት ዓመት እንግሊዝ አገር ሲገባ የሴቶች ሆኖ አደገ፤ የኔትቦል ደንብ በ1901 ታተመ። እኔ አዲስና ግራ የሚያጋባ ደንብ ያልኩት አሮጌው ደንብ ነው። የተለወጠው ቅርጫት ኳስ ነው።

በእርግጥ ሴቶች ብዙ እንዳይሮጡ ተብሎ የተጨመረ ነገር እንዳለበት አይጠፋኝም፤ የዘመኑ ሰዎች ያስቡት የነበረውን እናውቃለን። ማክሰኞ ማታ ግን ማን እንዳልሮጠ ጉልበቴን ጠይቁት። ኳስ የያዘችው ቆማለች እንጂ ሌሎቹ ስድስት እሷ ልታያቸው በምትችልበት ቦታ ለመገኘት ነው የሚሯሯጡት። ጉልበት ካነሳሁ አይቀር፣ በሩጫ መጥቶ ድንገት መቆም የዚህ ጨዋታ ክፉ ጎኑ ነው፤ የጉልበት ጅማት የሚበጠሰው እንደዚህ ባለ አወራረድ ላይ ነው። ባልደረባዬ ጉልበቴን አጥፌ፣ ከቻልኩ በሁለት እግሬ እንዳርፍ የምትጨቀጭቀኝ ለዚህ ነው።

ያልጠበቅኩት ደግሞ የተከላካዩዋ ርቀት ከዚሁ ጋር መያያዙ ነው። ኳስ የያዘችን ሴት የምትከላከል ከ0.9 ሜትር በላይ መቅረብ አትችልም። ከምኗ ይለካል? ከዚያው ካረፈው እግሯ። እግሩን ብታነሳው እንኳ የሚለካው እግሩ ከነበረበት ነጥብ ነው። ችንካሩ ባይኖር ዳኛዋ ከየት ትለካ ነበር? ኳስ የያዘችው እንዳትሄድ ታስራለች፤ በምላሹ ማንም ላዩዋ ላይ እንዳይወጣባት ቦታ ይሰጣታል። ርቀቱን የጣሰችዋ ደግሞ ከባለኳሷ ጎን ቆማ ኳሱ እስኪወረወር ድረስ እጇን አጥፋ ታያለች። እኔን ይህ ደስ አሰኝቶኛል፤ ቅርጫት ኳስ ላይ ክርን ስንት ጊዜ በልቻለሁ!

ሦስተኛው ፊሽካዬ የመስመር ነበር። ኳስ ባልይዝም ከክልሌ ከወጣሁ ጥፋት ነው። ዘልዬ ከክልሌ ተነስቼ አየር ላይ ኳስ ብይዝና ማዶ ባርፍም እንደዚያው። መስመሩን ራሱን መርገጥ ግን ይቻላል፤ መስመሩ የሁለቱም ሢሶ ነው። ይህን ለመቀበል ያስቸገረኝ ሰኞ ማክሰኞ ነው። በልጅነታችን በጠመኔ ያሰመርነውን መስመር በጣት ጫፍ የነካች «ተቃጠልሽ!» ትባል ነበር። እግሬ እስካሁን መስመር ሲያይ ይሸሻል፣ ኳሱም በዚያ ምክንያት ያመልጠኛል።

ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ቤት ውስጥ ተለማመድን። ልጄ የተጠቀለለ ካልሲ ትወረውራለች፣ እኔ እዘላለሁ፣ የቀደመውን እግር ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ «ግራ!» «ቀኝ!» «ሁለቱም!»። ከዚያ ሦስት ሳይቆጠር እመልሳለሁ። ባለቤቴ ቡናውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ምንም አላለም።

በዚህ ማክሰኞ፣ በአራተኛው ሩብ፣ የኛ ጂ ዲ ከግማሽ ክቡ ጠርዝ ኳስ ነጥቃ ቀና አለች። ርቆ ጫፍ ላይ ያለችው ጂ ኤስ እጇን ብታወዛውዝም በቀጥታ ሊወረወርላት አይችልም፤ ኳስ አንድን ሙሉ ሢሶ ማንም ሳይነካው ማለፍ የለበትም። ስለዚህ መሐል ላይ አንድ ሰው መቀበል አለበት። ሮጥኩ። ያዝኩ። ቀኝ እግሬ ቀደመ፤ በልቤ «ቀኝ» አልኩ። ተቃራኒዬ ደረሰች፣ ከ0.9 ሜትሯ ላይ ሆና እጇን ዘረጋችብኝ። በቀኜ ላይ ዞርኩ፣ በግራዬ አንዴ ረገጥኩ፣ ሲ ስታልፍ አየኋት፣ ቀኜን አነሳሁና እግሬ ሳይወርድ ኳሱ ወጣ። ፊሽካ የለም። ሲ ለጂ ኤ ሰጠች፣ ጂ ኤ ግማሽ ክቡ ውስጥ ገባች። ባልደረባዬ ከኋላዬ ስሜን እየጠራች ትጮሃለች፤ የምታደንቀኝ መስሎኝ ኳሱን እያየሁ በደስታ ተከትዬው ሮጥኩ።

ሁለተኛውን መስመር ሁለት እርምጃ ካለፍኩ በኋላ ነው ፊሽካው የተነፋው።